ከሰጋጃችን ሳንነሳ

ዛሬ የምናወጋችሁ በራሳችን ላይ ስለደረሰ ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት እዚሁ ሆሳዕና ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነበር። ዒሻ ሲገባ ትልልቆቹ ከመካከላችን ሱቅ የሚውለውን ጓደኛችንን «አንተ ቀርተሃል፣ አሰግደን» አሉት። ሱረቱል ሙልክን ጀመረ። በልጅነታችን መድረሳ ስንቀራ ሁላችንም በቃላችን የያዝናት ባለ 30 አንቀጽ ሱራ ናት። መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደኋላ መልሶ ጀመረ፤ እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ቆመ። ከኋላው የቆምነው ጓደኞቹ ልናስታውሰው በተገባ ነበር። ግን ቀጣዩ አንቀጽ ለአንዳችንም አልመጣልንም። ሩኩዕ ወረደ። ከሶላት በኋላ ማንም ምንም አላለም፤ ወደ ቤት ስንመለስ ግን እርስ በርስ መተያየት አፈርን።

በዚያው ሳምንት አራት ሆነን ተማማልን፤ ሱቅ የሚውለው፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ በቅርቡ ለሥራ ወደ ዱራሜ የሚሄደው ጓደኛችን እና 12ኛ ክፍል የምትማረው እህቱ። ሁልጊዜ ማታ ልክ 3 ሰዓት ላይ ሶስቶቻችን አራት አራት ገጽ ቁርኣን ልንከልስ፣ እህታችን ደግሞ ትምህርቷን ልታጠና። ስልካችን ላይ ማንቂያ ሞላን። በአስራ አንደኛው ቀን የቀጠለ አንድም ሰው አልነበረም።

ምክንያቱን ስንቆጥር ስንፍና ብቻ አልነበረም። 3 ሰዓት ላይ ባጃጁ ሰው ጭኖ መንገድ ላይ ነው። ሱቁ ሒሳብ እየዘጋ ነው። እህታችን እቃ እያጠበች ነው። መብራት ሲጠፋና ስልኩ ሲዘጋ ደግሞ ማንቂያውም አብሮ ይዘጋል። ሰዓቱ ለሁላችንም አንድ ነው፤ እኛ ግን በዚያ ሰዓት የምንገኝበት ሁኔታ በየቀኑ ይለያያል።

የገረመን ግን ሌላ ነገር ነበር። በእነዚያው አስራ አንድ ቀናት ውስጥ ከሶላት በኋላ የሚባለውን 33፣ 33፣ 33 ተስቢሕ ማናችንም አልረሳንም። ማንቂያ አልሞላንለትም፣ አልተማማልንበትም። ገና «አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ» ብለን ወደ ግራ ስንዞር ጣታችን ራሱ መቁጠር ይጀምራል። ተስቢሑን የሚያስጀምረው የእኛ ማስታወስ ሳይሆን የሶላቱ ማለቅ ነው። ታዲያ ክለሳችንንስ ለምን ከሰዓት ፈተን፣ ቀድሞ ካለን ነገር ጋር አናስረውም አልን።

ነገሩ ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም። የእኛው ሐበሻ ቢላል (ረ.ዐ) በእስልምና ከሠራው ሥራ ይበልጥ ተስፋ የሚያደርግበት የትኛው እንደሆነ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተጠይቆ የሰጠው መልስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በሌሊትም ይሁን በቀን ራሱን ባጠራ ቁጥር፣ በዚያ ጠሃራ የተወሰነለትን ያህል ይሰግድ ነበር። እናስተውል፤ «በዚህ ሰዓት» አላለም። ጠሃራው ባለበት ሁሉ ሶላቱ ተከትሎ ይመጣል። አንዱ ሥራ ሌላውን ይጎትተዋል።

በዘመናችን ይህንኑ ያጠኑ ሰዎች አሉ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ቢ. ጄ. ፎግ እና እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ልማድ መጽሐፍ ያሳተመው ጄምስ ክሊር ሁለቱም የሚመክሩት፣ አዲሱን ልማድ በየቀኑ ያለ ሐሳብ ከምንሠራው ነገር መጨረሻ ላይ እንድናስረው ነው። አዲስ ነገር ሲጀመር ከባዱ ሥራው ራሱ ሳይሆን «አሁን ልጀምር» ብሎ ማስታወስና መወሰን ነው። ነባሩ ልማድ ይህን ሸክም ያወርድልናል። ሁለቱ በአንድ ቅደም ተከተል እየተደጋገሙ ሲሄዱ የመጀመሪያው ማለቅ ለሁለተኛው መጀመሪያ ይሆናል።

ለምን ከኋላ እንጂ ከፊት አይታሰርም? በእንግሊዝ የተደረገ አንድ ጥናት ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ ጥርሳቸውን ከመቦረሻቸው በፊት፣ ግማሾቹ ደግሞ ከቦረሹ በኋላ የጥርሳቸውን መሃል በክር እንዲያጸዱ አደረገ። ከስምንት ወር በኋላ ልማዱ ይበልጥ ጠንክሮ የተገኘው ከቦረሹ በኋላ በሚያጸዱት ላይ ነው። «ከመቦረሼ በፊት» ያለው ሰው ክሩን በራሱ ማስታወስ አለበት፤ «ከቦረሽኩ በኋላ» ያለውን ግን የቡርሹ መቀመጥ ያስታውሰዋል።

አዲሱን ልማድ የምናስርበትን ነባር ልማድ እኛ «ችካል» አልነው። በሀዲያና በከምባታ ገጠር ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከብት የሚታሰርበት ችካል ልል ከሆነ ከብቱ ይዞት ይሄዳል። ሥራው ሁሉ ያለው ችካሉን መምረጡ ላይ ነው፤ እኛም በመጀመሪያ የተሳሳትነው እዚያ ላይ ነበር።

ሱቅ የሚውለው ጓደኛችን መጀመሪያ «ከመግሪብ በኋላ» አለ። አልሠራም። አንደኛ፣ «ከመግሪብ በኋላ» ማለት እስከ ዒሻ ያለው ጊዜ በሙሉ ነው፤ የሚጀመርበት ነጥብ የለውም። ሁለተኛ፣ ከሥራ የሚመለሰው ሰው ሱቁን የሚሞላው ያኔ ነው። ስለዚህ ችካሉን ወደ ሱብሒ ወሰደው፤ በዚህ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ «ከሱብሒ በኋላ ተስቢሑን ስጨርስ፣ ከሰጋጃዬ ሳልነሳ፣ ግማሽ ገጽ እከልሳለሁ።» ሙስሐፉን ከመደርደሪያ አውርዶ ሰጋጃው አጠገብ አስቀመጠው። «ሳልነሳ» የምትለዋን ቃል አትናቋት። አንዴ ከተነሳ ጫማ አለ፣ በር አለ፣ ቁርስ አለ፤ ሰንሰለቱ ተበጠሰ ማለት ነው።

ግማሽ ገጽ ትንሽ ትመስላለች። ግን ሙልክ የምትገኝበት 29ኛው ጁዝ በመዲና ሙስሐፍ 20 ገጽ ነው። ግማሽ ግማሽ ገጽ ሲኬድ በ40 ቀን ያልቃል። በአራት ገጽ ጀምረን በ11 ቀን ከማቆማችን ጋር አስተያዩት።

ሶላት ከሰዓት የሚሻልበት ሌላም ነገር አለ። እዚህ አካባቢ በጥቅምት መጨረሻ ከ12 ሰዓት ጥቂት አልፎ የሚገባው መግሪብ በሐምሌ ወደ 12 ሰዓት ከ50 ይጠጋል። ሰዓቱ ይሸሻል፤ ሶላቱ ግን የታሰረበትን ነገር ይዞ ይሄዳል።

ባጃጅ ለሚነዳው ወንድማችን ግን ሶላት ጥሩ ችካል አልሆነለትም። ሶላቱን አይተውም፤ ነገር ግን አንድ ቀን አንዱ መስጂድ፣ ሌላ ቀን ሌላው ጋ ይሰግዳል፣ ውጭ ያቆመው ባጃጅም ሐሳቡን ይይዘዋል። ቀኑን አብረን ስንፈትሽ፣ ያለ ልዩነት በየቀኑ የሚደጋገም ነገር ተገኘ። ጠዋት ተራ ይዞ ሞተሩን ያጠፋና ቁልፉን ይነቅላል፤ ከዚያ ስልኩን እየነካካ ይጠብቃል። አሁን ቁልፉን ሲነቅል ሶስት አንቀጽ በቃሉ ይላል። ሙስሐፍ አያስፈልገውም፣ እጁም አይያዝም። ቁምነገሩ አዲሱ ሥራ ችካሉ ካለበት ቦታና እጃችን ከሚችለው ጋር መግጠሙ ነው።

እህታችን ደግሞ የባዮሎጂ ማስታወሻዋን ከዒሻ በኋላ ለመከለስ አሰረች። ለሶስት ሳምንት ያህል ያለ ችግር ሄደ። ከዚያ ሶላት የማይኖርባት የወሩ ቀናት መጡ፤ ችካሉ ተነቀለ፣ ክለሳውም አብሮ ወደቀ። ሲመለስም እንደ አዲስ ሆነ። ይህን እኛ ወንዶቹ አላሰብንበትም ነበር፤ ራሷ ናት ያገኘችው። ማታ ማታ ቡና የምታፈላው እሷ ነች። ስለዚህ «ጀበናውን እሳት ላይ ስጥድ፣ እዚያው ተቀምጬ አንድ ገጽ አነባለሁ» አለች። ቡናው እስኪፈላ ያለው ጊዜ ለአንድ ገጽ ይበቃል፣ ቡና ደግሞ በዚያ ቤት የማይፈላበት ቀን የለም።

ሲበላሽ እንዴት ይታወቃል? እኛ ሁለት ምልክት አይተናል። የመጀመሪያው ልማዱ ከመጀመሩ በፊት «ዛሬ ላድርግ ወይስ ልተው» ብሎ ከራስ ጋር መነጋገር ነው። ይህ ከመጣ ሥራው በዝቷል ወይም ችካሉ አልገጠመም። ሱቅ የሚውለው ጓደኛችን በሁለተኛው ወር ተደስቶ ግማሽ ገጹን ሁለት ገጽ አደረገው፣ ላዩ ላይ ስፖርትም ጨመረ። በሳምንቱ ሙግቱ ተመለሰ። ወደ ግማሽ ገጹ ሲወርድ ቆመ።

ሁለተኛው የከፋ ነው፤ ችካሉ ራሱ መነቃነቅ ሲጀምር። ከኋላ የሚጠብቀው ሥራ ከብዶ ተስቢሑን ካስቸኮለ ወይም ሱብሒን ካዘገየ፣ የተጨመረው ወዲያው መቀነስ አለበት። ፈርዱን ጎድተን የምንሠራው ክለሳ ትርፉ ኪሳራ ነው።

ዱራሜ የሄደው ጓደኛችን ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረን። እዚህ እያለ ከዒሻ በኋላ መስጂድ ውስጥ የግድግዳው ጥግ ተደግፎ ይከልስ ነበር። ዱራሜ ዒሻን በተከራየው ክፍል ይሰግዳል። ሶላቱ ያው ነው፤ ክለሳው ግን በመጀመሪያው ሳምንት ጠፋ። ለካስ የታሰረው በሶላቱ ብቻ ሳይሆን በዚያ ጥግም ነበር። ስንደውልለት «ዓረፍተ ነገሩን እንደ አዲስ ለክፍሌ ጻፍኩት» አለን። ቤት፣ ከተማ ወይም ሥራ የሚቀይር ሰው በመጀመሪያው ማታ ይህን ማድረግ አለበት።

ስንት ቀን ይፈጃል ለሚለው፣ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን ተከታትለው ነበር። ልማዱ ያለ ሐሳብ እስኪሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ፈጀ፤ ግን ለአንዱ 18፣ ለሌላው 254 ቀን እንደሚሆን ገመቱ። አንድ ቀን መዝለልም የተገነባውን እንደማያፈርስ አይተዋል። ስለዚህ በ21ኛው ቀን ገና ከባድ ከሆነባችሁ አትደናገጡ፤ አንድ ቀን ካመለጣችሁም ዕዳ አትቁጠሩ፣ የነገውን ግማሽ ገጽ ብቻ ያዙ።

መጀመር የሚፈልግ ይህን ዓረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ይሙላ፦ «______ን ስጨርስ፣ እዚያው ______ ላይ ሆኜ፣ ______ አደርጋለሁ።» የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ላይ የምትጽፉት በዓይን የሚታይ መጨረሻ ይኑረው፤ ሰላም ማለት፣ ቁልፍ መንቀል፣ ጀበና መጣድ። ሶስተኛው ደግሞ በደከማችሁ ቀን እንኳ የምትሠሩት ያህል ይነስ።

ባለፈው ወር ደግሞ ሌላ ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ያው ጓደኛችን ለዒሻ ወደፊት ተገፋ፣ ያችኑ ሙልክን ጀመረ። አንድ ቦታ ላይ ተደናቀፈ። ከኋላው ሁለት ድምፅ እኩል አስታወሰው፤ እስከ መጨረሻው ቀጠለ።