ቁጥሩ የጠፋበት ምድጃ

ዛሬ የማጫውታችሁ በባሕር ማዶ በተማሪዎች የጋራ ወጥ ቤት ውስጥ ስላጋጠመኝ ነገር ነው። ከውጭ አገር የመጣ ወይም ያረጀ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ምድጃ በቤታችሁ ካለ፣ አንድ ቀን ሊጠቅማችሁ ይችላልና እስከ መጨረሻው ተከተሉኝ።

ያደግሁት በጨፋ ሸለቆ፣ ከከሚሴ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። በእኛ ቤት በዒድ ዋዜማ ድፎ ዳቦ ይደፋል። እናቴ ሊጡን በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ በጋለ ምጣድ ላይ ታስቀምጥና ሌላ ምጣድ ትከድንበታለች። ከሥር እሳት፣ ከላይ ደግሞ የኩበት ፍም ታደርጋለች። የምጣዱን ግለት የምታውቀው ጥቂት ዱቄት በተን አድርጋበት ነው። ዱቄቱ ወዲያው ከጠቆረ ፍሙን ታበርዳለች፤ ነጭ ሆኖ ከቆየ ትጨምራለች።

በ2016 ዓ.ም. የዒድ አል ፈጥር በዓል ሚያዝያ 2 ቀን ሲውል እኔ ለትምህርት እንግሊዝ አገር ነበርሁ። ወጥ ቤቱን የምንጠቀመው ስድስት ተማሪዎች ነን። ከዋዜማው በፊት ባለው እሑድ ዳቦውን ልሞክር ብዬ አንድ ኪሎ ዱቄት አቦካሁና ወደ ምድጃው ዞርሁ። ምድጃው ሁለት ማዞሪያ አለው። በአንደኛው ዙሪያ ትንንሽ ሥዕሎች አሉ። የሙቀቱ ማዞሪያ ግን ከእኔ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በሻካራ ስፖንጅ ሲፈትጉት ኖረው ቁጥሩ ሁሉ ጠፍቷል። የቀረው ባዶ ክብ ብቻ ነው።

«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይባላልና የአገሩን ልጅ፣ ጎረቤቴን ጠየቅሁ። «እናቴ ዳቦ የምትጋግረው በ6 ቁጥር ነው» አለኝ። ፈረንሳይ የምትማር ጓደኛዬም በስልክ «6 ላይ አድርጊው» አለችኝ። ሁለቱ ሲስማሙ ደስ አለኝ። በኋላ እንደ ተረዳሁት ግን የእንግሊዞች የጋዝ ምድጃ 6 ቁጥር 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ የፈረንሳዮች 6 ደግሞ በ30 ተባዝቶ 180 ዲግሪ ነው። ለነገሩ በእኔ ምድጃ ላይ 6 የሚባል ቁጥርም አልነበረም። ምጣድ መጋል አለበት ብዬ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዝሁት።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸ፤ የሕንፃው ተማሪ ሁሉ ወደ ግቢ ወጣ። ዳቦው ከላይ ከሰል ሆኖ ከውስጥ ሊጥ ነበር። ለሳምንት የያዝሁት ዱቄት በዚያው አለቀ፤ ከዚያ ይልቅ ግን በብርድ ቆመው ያዩኝ ሰዎች ፊት ከበደኝ።

ማታ ለእናቴ ደወልሁ። ስለ ቁጥሩ መጥፋት ሳወራ ዝም ብላ ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ልጄ፣ እሳቱ ከላይ ነው ከታች?»

አላውቅም ነበር። ስልኩን ይዤ ወደ ምድጃው ሄድሁና የመጀመሪያውን ማዞሪያ ሥዕሎች አንድ በአንድ ነገርኋት። በሳጥኑ ውስጥ ከላይ ያለው የተጠማዘዘ መስመር ከላይ ብቻ የሚያቃጥለው የሥጋ መጥበሻ እሳት ነው፤ እኔ ዳቦውን ያስገባሁት በዚህ ነበር። ከታች ያለው ቀጥ ያለ መስመር የሥር እሳት ነው። ከላይም ከታችም መስመር ያለበት ሥዕል ሁለቱንም ያነዳል። «እርሱ ነው የእኔ ምጣድ» አለች እናቴ። «አሁን ዱቄት በትኚበት።»

በማግሥቱ ሙከራውን ጀመርሁ። ማዞሪያውን እንደ ሰዓት ፊት ቆጠርሁት፤ የሚጠፋበት ቦታ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የሚቆምበት መጨረሻ ደግሞ አሥር ሰዓት ግድም ነው። በዙሪያው ወረቀት ለጥፌ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግሁ። እንዲህ ያለው ምድጃ ሲሞቅ የሚበራና የተፈለገው ሙቀት ሲደርስ የሚጠፋ ትንሽ መብራት አለው። መብራቱ መጀመሪያ እንደ ጠፋ ሙቀቱ ገና አልረጋም፤ ከፍና ዝቅ ስለሚል በርቶ ሁለተኛ ጊዜ እስኪጠፋ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ አንድ ማንኪያ ዱቄት በትሪ ላይ በስሱ ነስንሼ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አምስት አምስት ደቂቃ አቆየሁ። በአራት ሰዓት ላይ ዱቄቱ ነጭ እንደ ሆነ ወጣ። በሰባት ሰዓት ላይ እንደ ተቆላ ገብስ ወርቃማ ሆነ። በመጨረሻው ላይ አምስት ደቂቃም ሳይሞላው ጠቆረ። ስለዚህ የዳቦ ሙቀት በሰባት ሰዓት አካባቢ እንደ ሆነ ታወቀ።

ዱቄት ግን ግምት እንጂ ልክ አይሰጥም። ልኩን የነገረኝ ስኳር ነው። ነጭ ስኳር የሚቀልጠው በ186 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር በአሉሚኒየም ወረቀት ላይ አድርጌ፣ ሙቀቱ ከረጋ በኋላ ለአሥራ አምስት ደቂቃ አስገባሁ። በሰባት ሰዓት ላይ ፍሬው እንደ ነበረ ወጣ። በስምንት ሰዓት ላይ ቀልጦ ውኃ መሰለ። እንግዲህ 186 ዲግሪ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ነው ማለት ነው፤ ሰባት ሰዓት ከዚያ ጥቂት ዝቅ ይላል። ስኳሩ ግን ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም፤ ብዙ ከቆየ ዝቅ ባለ ሙቀትም መቅለጥ ስለሚጀምር ያሳስታል። የተፈጨው የኬክ ስኳርም ስታርች ስለሚቀላቀልበት ለዚህ አይሆንም።

በዋዜማው ጎረቤቴ ያበደረኝን ዱቄት ጥቁር አዝሙድ ጨምሬ አቦካሁ። የሙዝ ቅጠል ስላልነበረ ትሪውን በጥቅል ጎመን ቅጠል አለበስሁ። የላይና የታች እሳት መርጬ፣ በሰባት ሰዓት ምልክት ላይ አንድ ሰዓት አቆየሁት። አውጥቼ ሥሩን በጣቴ ሳንኳኳው እንደ ባዶ ቅል ጮኸ፤ መሐሉን የወጋሁበት ቀጭን እንጨትም ሊጥ ሳይዝ ደረቅ ወጣ። በበዓሉ ጠዋት ግቢ ወጥተው በብርድ የቆሙትን ጎረቤቶቼን ጠርቼ ቆረስሁላቸው። የላዩ ቅርፊት ከእናቴ ዳቦ ይሳሳል፤ የኩበቱም ጭስ ሽታ የለውም። ያም ሆኖ በስልክ ሳሳያት «ሥሩን አዙሪልኝ» አለችና አይታ ዝም አለች። እናቴ ዝም ካለች ደግሞ በስሏል ማለት ነው።

እኅቶቼ፣ ይህን ስትሞክሩ አንድ ነገር አትርሱ። የነገርኋችሁ ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። የጋዝ ምድጃ ማዞሪያ ምልክቱ ከጠፋ አትሞክሩት፤ ሳይቀጣጠል የተከፈተ ጋዝ ቤት ያቃጥላልና ባለሙያ ጥሩ። ምድጃ ውስጥ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር ገበያ ላይ ካገኛችሁም ከስኳር ይልቅ እርሱ ይታመናል።

ከዚያ ቤት ስወጣ የለጠፍሁትን ወረቀት አላነሣሁትም። ከሰባት ሰዓት ምልክት አጠገብ «ዳቦ» ብዬ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍሁበት፤ ከሥሩም «በስፖንጅ አትፈትጉ» የሚል ጨመርሁ።