ለወንድሜ፣ ስለ መጀመሪያ ደመወዝህ

ውድ ወንድሜ ማሙሽ፣

አዳማን እንዴት አገኘሃት? በስልክ፣ “እትዬ፣ 12 ሺህ ብር ደመወዝተኛ ሆንኩ እኮ!” ስትለኝ እማዬ ከጎኔ ሆና እልል አለች። እኔም ከልቤ ጌታን አመሰገንኩ። ያን ቀን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ለብዙ ጊዜ የደበቅኩህ ነገር ትዝ አለኝ።

12ኛ ክፍል ሳለህ የማጠናከሪያ ትምህርትህን በዓመቱ አጋማሽ አቋረጥኩብህ። “ቤት ውስጥ ብታጠና ይሻልሃል” ብዬህ ነበር። አንተም አንድም ቀን አላጉረመረምክም። እውነቱን ዛሬ ልንገርህ፤ የምከፍልበት ገንዘብ አልነበረኝም። ደመወዝ እያለኝ ገንዘብ እንዴት እንዳጣሁ ካወቅህ እኔ የገባሁበት ውስጥ አትገባም ብዬ ነው ይህን የምጽፍልህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመሥሪያ ቤታችን 12 ሆነን በወር 1,500 ብር እቁብ እንጥል ነበር። ባለ እጣው 18 ሺህ ብር ይወስዳል። በሦስተኛው ወር አብራኝ ለምትሠራ ጓደኛዬ ወጣላት። እንደምታውቀው እቁብ ቀድሞ የሚወጣለት ሰው ቀሪውን ለመክፈሉ ዋስ ይጠራል። እሷም እኔን ጠራች። “እህቴ ናት፣ ምን ችግር አለው?” ብዬ በእቁቡ ጸሐፊ ደብተር ላይ ፈረምኩ። አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰብኩበትም፤ አልጸለይኩበትም።

አምስተኛውን ወር ከፍላ ሥራ ለቀቀች። ከዚያ በኋላ ስልኳ አይነሳም። ቀሪው ሰባት ወር 10,500 ብር ነበር፤ ዳኛውም ወደ እኔ ዞረ። እውነት ነበረው፤ ፊርማው የእኔ ነው። ያን ጊዜ እጄ ላይ የሚደርሰው 6 ሺህ ብር ገደማ ነበር። የራሴን 1,500 እና የእሷን 1,500 ስከፍል ግማሹ ሄደ። የቀረው ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ አልበቃ ሲል መጀመሪያ የተቆረጠው የአንተ ትምህርት ሆነ። በባንክ የሦስት ወር ወጪ ቢኖረኝ ኖሮ ይህ አይደርስብህም ነበር። ለአራት ዓመት ስሠራ ግን አንድም ብር አላስቀመጥኩም፤ “የተረፈውን አጠራቅማለሁ” እያልኩ ነበር። ተርፎ አያውቅም።

እንግዲህ ወደ አንተ ደመወዝ ልምጣ። 12 ሺህ ብር የውል ደመወዝህ እንጂ እጅህ የሚገባ አይደለም። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት በተሻሻለው የገቢ ግብር 2,250 ብር ይቆረጥብሃል። ለጡረታ ደግሞ 7 በመቶ፣ ማለትም 840 ብር ይነሳል። የሚደርስህ 8,910 ብር ነው። ቤት ስትከራይም ሆነ ለሰው ቃል ስትገባ በዚህ አስብ። በ12 ሺህ ያሰበ ሰው ወሩ ሳይጀምር የ3 ሺህ ብር ጉድለት አለበት።

ደመወዝ በገባበት ዕለት የሚሆነውን ቅደም ተከተል አሁኑኑ ልማድ አድርገው። እኔ የማደርገውን በአንተ ብር ልጻፍልህ። አሥራት ይቀድማል፤ እኔ ከጠቅላላው ስለማወጣ ለአንተ 1,200 ይሆናል። ከሚደርሳቸው ላይ የሚያወጡ ወገኖችም አሉ፤ አንተ በጌታ ፊት አንዴ ወስንና በየወሩ አትከራከርበት። 7,710 ይቀርሃል። ቀጥሎ 800 ብር ለቁጠባ፤ ቀጥሎ 700 ብር ለእማዬ። ከጓደኛህ ጋር ለምትጋራው ክፍል ድርሻህ 2,200 ነው ብለኸኛል። የሚተርፍህ 4,010 ብር ነው። ለምግብና ለታክሲ ለ30 ቀን ስታካፍለው በቀን 130 ብር ገደማ ይደርስሃል። ጠባብ ነው፤ አልዋሽህም። ምሳ ከቤት መቋጠር ሊኖርብህ ነው። ጠባብነቱን ደመወዝ በገባበት ቀን ማወቅ ግን በ20ኛው ቀን ከማወቅ ይሻላል።

ቁጠባውን በራስህ ብርታት አትተወው። ባንክህ ሄደህ ሌላ የቁጠባ ደብተር አውጣ፤ ካርድ አትውሰድበት፣ በስልክህም አታገናኘው። ደመወዝ በገባ ማግሥት 800 ብሩ ወደዚያ እንዲዛወር ለባንኩ ቋሚ ትዕዛዝ ስጥ። ለማውጣት ባንክ ድረስ ሄደህ መሰለፍህ ራሱ ጥበቃ ነው፤ እኔን ስንት ጊዜ ከመንገድ እንደመለሰኝ! በዓመት 9,600 ብር ይሆናል። የሦስት ወር ወጪህ እስኪሞላ ድረስ ይህ ገንዘብ ለሕመም፣ ለሥራ ማጣትና ለእንዲህ ያለ ድንገተኛ ነገር ብቻ ይሁን። ለስልክ መቀየሪያ አይደለም።

መጠኑ ልክ አለመሆኑን በምን ታውቃለህ? በየወሩ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ካስቀመጥከው የምታወጣ ከሆነ፣ ወይም የሰፈሩ ሱቅ የዱቤ ደብተር ላይ ያለው ሂሳብህ ካለፈው ወር ከበለጠ 800 በዝቶብሃል ማለት ነው። አታቋርጠው፤ ወደ 500 አውርደው። የማይነካ 500 ከሚገባና ከሚወጣ 800 ይበልጣል። ደመወዝ ሲጨመርልህ ደግሞ ኑሮህ ሳይለምደው ከጭማሪው ግማሹን ወደ ቁጠባው ጨምር።

እቁብን አትጥላ፤ እናታችን አንተን ያሳደገችው በእቁብ ጭምር ነው። ግን ምን እንደሆነ እወቅ። አሥር ሰዎች በወር 500 ብር ይጥላሉ እንበል፤ ሙሉው 5 ሺህ ነው። በሁለተኛው ወር ቢወጣልህ አንተ የጣልከው 1 ሺህ ብቻ ነው፤ 4 ሺው የሌሎች ነው። እጣ ወጣልኝ ብለህ ስትደሰት በእርግጥ ወለድ የሌለው ብድር ነው የወሰድከው። መጨረሻ የሚወጣለት ሰው ደግሞ ወለድ የሌለው ቁጠባ አጠራቅሟል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ስድስት ወር እቁብ አትግባ። ስትገባም ዳኛውንና አባላቱን የምታውቃቸው ይሁኑ። ቀድሞ ከወጣልህ ቀሪውን ወራት የምትጥልበትን ለይተህ ሳታስቀምጥ ምንም ነገር አትግዛ።

ዋስ ሁነኝ የሚልህም ይመጣል፤ ምናልባት አብሮህ የሚያመልክ ወንድም ይሆናል። መጽሐፈ ምሳሌ ስለዚህ ደጋግሞ ያስጠነቀቀው በከንቱ አይደለም። አንድ ጥያቄ ብቻ ራስህን ጠይቅ፦ “እሱ ባይከፍል ሙሉውን እኔ ብከፍል፣ ሳልቀየመው እችላለሁ?” መልስህ አይደለም ከሆነ፣ “ዋስ መሆን አልችልም፣ ይህችን ግን ልርዳህ” ብለህ የምትችለውን በእጁ ስጠው። እኔ ለጓደኛዬ 1 ሺህ ብር ሰጥቼ ፊርማዬን ብከለክላት ኖሮ ቅር ትሰኝ ነበር፤ አንተ ግን ትምህርትህን ትጨርስ ነበር።

ያቺን እህት ይቅር ብያታለሁ፤ ጌታ ጊዜ ወስዶ ረድቶኛል። አንተ ደግሞ እኔን ይቅር በለኝ። ያለ ማጠናከሪያ ትምህርት፣ በኩራዝም በሻማም አጥንተህ ለዚህ በመብቃትህ ኮርቼብሃለሁ።

የመጀመሪያ ደመወዝህ የገባ ዕለት ማታ፣ ከማውጣትህ በፊት፣ በወረቀት ላይ የት የት እንደሚሄድ ጽፈህ ላክልኝ። እኔም የራሴን እልክልሃለሁ።

ጌታ ይባርክህ።

የምትወድህ እህትህ