የኤስተር ካርድ አጻጻፍ፦ ስለ ፈንክሽናል ግሩፖች ጥናት የተወሰደ ትዝብት

የኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ፈንክሽናል ግሩፖች በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ፣ እነዚያኑ ግሩፖች በአንድ ሞለኪውል ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ሲሳነው ማየት የተለመደ ነው። «ኤስተር R–COO–R′ ነው» ብሎ ሳይደናቀፍ ይመልሳል፤ CH₃OCOCH₃ ሲቀርብለት ግን «ኢተር» ወይም «ኪቶን» ይላል። ቅዳሜና እሁድ ከሆሳዕና ወደ ጃጁራ እየሄድኩ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን በማስጠናበት ጊዜ ይህንኑ ደጋግሜ ተመልክቻለሁ። ከእነርሱ አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት። በ2014 የትምህርት ዘመን ብሔራዊ ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን በቤታችን የማያውቅ የለም፤ ስለዚህም በትጋት ታጠና ነበር። ከደብተር ልባስ ቆርጣ ያዘጋጀቻቸው ካርዶችም በቁጥር ብዙ፣ በጽሕፈትም ንጹሕ ነበሩ። የጎደለው ከካርዶቹ ጥያቄዎች አቀራረብ ላይ ነበር።

የካርድ ጥናት መሠረቱ፣ አንድን ነገር ልንረሳው በተቃረብንበት ጊዜ ከአእምሮ አውጥቶ መመለስ ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ፈጣን፣ በኋላ ግን ዝግ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ጀርመናዊው ሰባስቲያን ላይትነር ደግሞ በ1970ዎቹ ይህንን ሐሳብ በካርድና በሣጥን የሚሠራ ቀላል ዘዴ አደረገው። ለጃጁራ ተማሪ የጫማ ካርቶን ይበቃል። ካርቶኑን በ5 ክፍል መክፈል፣ ክፍሎቹንም ከ1፣ ከ2፣ ከ4፣ ከ8 እና ከ16 ቀን በኋላ የሚከለሱ ማድረግ ይቻላል። በትክክል የተመለሰ ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ የተሳሳተ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የሚቀጥለው ክለሳ ቀን በካርዱ ጥግ በእርሳስ ቢጻፍ መደናገር ይቀራል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ አንድ ካርድ ሳይሳሳት 5ቱን ክፍል ለመጨረስ 31 ቀን ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ፈተናው ከአንድ ወር በታች ሲቀረው የተጻፈ ካርድ ጉዞውን አይጨርስም። ሁለተኛ፣ በየቀኑ 5 አዲስ ካርድ የሚጽፍ ተማሪ ከወር በኋላ በቀን ወደ 25 ካርድ ይከልሳል፤ ስሕተት ሲኖር ቁጥሩ ይጨምራል። በቀን 20 አዲስ ካርድ የሚጽፍ ተማሪ ደግሞ ከ100 ያላነሱ ካርዶች ይጠብቁታል፤ ብዙዎች ካርቶኑን የሚተዉትም በዚህ ጊዜ ነው።

ሣጥኑ ግን የሚያስጠብቀው የተጻፈውን ብቻ ነው። የአክስቴ ልጅ ካርድ በፊቱ «ኤስተር ምንድን ነው?» ይላል፤ በጀርባው አጠቃላይ ቀመሩ፣ ትርጓሜው፣ አሰያየሙና ሁለት ምሳሌዎች ሰፍረዋል። እንዲህ ያለ ካርድ ሲከለስ ግማሹ ይታወሳል፣ ግማሹ ይቀራል፤ ተማሪዋም ለራሷ «አውቄዋለሁ» ብላ ታሳልፈዋለች። ከዚህም በላይ ጥያቄው ስሙን ራሱ ስለሚሰጥ፣ በፈተና የሚጠየቀውን ሥራ፣ ማለትም ከመዋቅሩ ተነሥቶ ስሙን ማግኘትን፣ ፈጽሞ አያለማምድም።

ስለዚህ ያን አንድ ካርድ በ5 ካርድ ተካነው፤ እያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ካርድ ፊት፦ «ከኦክሲጅን ጋር በድርብ ትስስር የተያያዘ ካርቦን፣ በነጠላ ትስስር ደግሞ ሌላ ኦክሲጅን ይዟል፤ ያም ኦክሲጅን ካርቦን ይዟል። ግሩፑ ማን ይባላል?» ጀርባው፦ «ኤስተር»።

የሁለተኛው ፊት፦ «ኤስተርን ትስስሮቹን ሁሉ በማሳየት መሣል።» ጀርባው ሥዕሉ ብቻ ነው። ይህ የመጀመሪያው ግልባጭ ነው፤ ከመግለጫ ወደ ስም መሄድ የቻለ ሁሉ ከስም ወደ ሥዕል መሄድ ይችላል ማለት አይደለምና።

የሦስተኛው ፊት፦ «CH₃COOCH₃ እና CH₃CH₂COOH። ኤስተሩ የቱ ነው? የሚለየውስ በየትኛው አቶም ነው?» ሁለቱም C₃H₆O₂ ስለሆኑ አቶም መቁጠር አይረዳም። ጀርባው፦ «የመጀመሪያው። ነጠላ ትስስር ያለው ኦክሲጅን በኤስተር ካርቦን፣ በአሲድ ግን ሃይድሮጅን ይይዛል።»

የአራተኛው ፊት፦ «CH₃OCOCH₃። ፈንክሽናል ግሩፑ ምንድን ነው?» ጀርባው፦ «ኤስተር፤ ከቀኝ ወደ ግራ የተጻፈ CH₃COOCH₃ ነው።»

አምስተኛው ካርድ ከሁሉ ይልቅ ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ፊቱ፦ «CH₃COCH₂OCH₃ ኤስተር ነውን? ምክንያቱስ?» ጀርባው፦ «አይደለም። በካርቦኒሉና በኦክሲጅኑ መካከል CH₂ ስላለ ኪቶንና ኢተር ነው።» የአክስቴ ልጅ ይህን ካርድ መጀመሪያ ስታየው ኤስተር ነው አለች፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «CO አለ፣ O አለ» ብላ መለሰች። እስከዚያ ጊዜ የምትፈልገው የፊደሎቹን መገኘት እንጂ ጉርብትናቸውን እንዳልነበረ ያወቅነው በዚህ መልስ ነው። «አይደለም» የሚል መልስ የሌለው የካርድ ስብስብ ይህን ስሕተት ሊያወጣው አይችልም።

በዚሁ መንገድ CH₃CONH₂ን ከ NH₂CH₂COOH ጋር ማጋጠም አማይድን ከአሚን ይለያል። በሁለተኛው ሞለኪውል ካርቦኒልም ናይትሮጅንም አሉ፤ ነገር ግን ጎረቤት ስላልሆኑ አማይድ የለም። የሚመሳሰሉትን ሁለት ግሩፖች ግን በአንድ ቀን መጀመር አይገባም፤ አንደኛው ወደ ሦስተኛው ክፍል ሲደርስ ሁለተኛውን፣ ከዚያም የማነጻጸሪያውን ካርድ ማስገባት ይሻላል።

የቋንቋም ጉዳይ አለ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ በጃጁራ ግን ተማሪዎች እርስ በርስ የሚያስረዱት በሀዲይሳ ወይም በአማርኛ ነው። በካርዶቻችን የግሩፑን ስም በፈተናው ቋንቋና ፊደል፣ «ምክንያቱስ?» የሚለውን መልስ ደግሞ ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ እንጽፋለን። ስሙ በትክክል መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱ ግን ከመጽሐፍ የተገለበጠ ዐረፍተ ነገር ከሆነ ተማሪው ዐረፍተ ነገሩን እንጂ ምክንያቱን አይዝም።

የዚህ ዘዴ ዋና ሕመም ካርዱን በመልኩ ማወቅ ነው። ተማሪው በጥጉ እጥፋት ወይም በቀለም ነጠብጣብ ለይቶት ሞለኪውሉን ሳያነብ ይመልሳል። ምልክቱ መልሱ ዓይን ቀመሩን ሳይጨርስ መምጣቱ ነው። መድኃኒቱ ካርዱ ወደ አራተኛው ክፍል ሲያልፍ ሞለኪውሉን መለወጥ ነው፤ CH₃COOCH₃ በነበረበት HCOOCH₂CH₃ ይገባል።

እኔም ካርዶቹ ሥራቸውን መሥራታቸውን የምፈትነው በሣጥኑ ውስጥ ባልነበረ ሞለኪውል ነው። የምመርጠው አስፕሪንን ነው፦ CH₃COOC₆H₄COOH። ሁለት COO አሉት፤ የግራው ኤስተር፣ የቀኙ ካርቦክሲሊክ አሲድ ነው። ልዩነቱም የወረቀት ብቻ አይደለም፤ እርጥበት ያገኘው አሮጌ አስፕሪን ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ኤስተሩ በውኃ ተሰብሮ አሴቲክ አሲድ ስለሚወጣው ነው። ኤስተሩ ለምንና በምን ደረጃዎች እንደሚሰበር ካርድ አያስተምርም፤ ያ በወረቀትና በእርሳስ፣ ኤሌክትሮኖቹን እየተከተሉ የሚሠራ ሌላ ጥናት ነው። ነገር ግን ኤስተሩ የት እንዳለ ያላየ ተማሪ ያንን ጥናት ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።