ኮዱ ከባንክ ነው፣ ደዋዩ ግን ሌባ ነው

ዛሬ ደግሞ ተራው የአክስቴ ሆነ። «እናቴ፣ ከባንክ ነው የምደውለው፤ ሒሳብዎ ከፋይዳ ጋር ስላልተያያዘ ዛሬ ሊዘጋ ነው» ይላታል ልጁ፣ ስሟን ከነአያቷ ጠርቶ። ትሕትናው! እኔ ባንክ ሄጄ እንደዚያ ተስተናግጄ አላውቅም።

እሷ ያመነችው ስሟን ስለጠራ ነው። ስም እኮ ማስረጃ አይደለም። በሞባይል ባንኪንግ ገንዘብ ለመላክ የሒሳብ ቁጥር ስታስገቡ የባለቤቱ ስም ብቅ ይል የለ? የእሷ ቁጥር ደግሞ ለመዋጮ ተብሎ በየቴሌግራም ግሩፑ ተበትኗል።

ከዚያ «አሁን ኮድ ይገባልዎታል፣ ያንብቡልኝ» አለ። ወዲያው ገባ፤ ያውም ከራሱ ከባንኩ። ሰው የሚበላው እዚህ ጋ ነው። ልጁ በራሱ ስልክ የባንኩን መተግበሪያ ከፍቶ የእሷን ቁጥር አስገብቷል። ባንኩም የሒሳቡ ባለቤት መሆኗን ለማረጋገጥ ኮዱን ወደ እሷ ስልክ ላከ። ካነበበችለት መተግበሪያው እሱ እጅ ላይ በስሟ ይከፈታል፤ ፒኗን ካስከተለችለት ደግሞ ብሩ ሄደ። «ስልኩን እንዳይዘጉት» የሚላትም ኮዱ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያልፍበትና ሰው እንዳታማክር ነው።

መልእክቱ ላይ «ይህን ኮድ ለማንም አይስጡ» የሚል አለበት። በእንግሊዝኛ! ዳዊት ለምትደግም፣ ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር ለምታነብ ሴት! ለበዓል «እንኳን አደረሳችሁ» ሲሉን አማርኛው ከነቤት መምቻው ይመጣል፤ የብድር ማስታወቂያውም እንደዚያው። ተጠንቀቂ ለማለት ሲሆን አማርኛ ጠፋ። በቋንቋዋ ያናገራት ሌባው ብቻ ነው። ደግነቱ፣ ጽሑፉ አልገባ ሲላት «ይሄ ምንድን ነው የሚለው?» ብላ ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ። ልጁ ድምፄን ሲሰማ ጆሮዬ ላይ ዘጋው፤ ትሕትናውም አብሮ ሄደ።

ስለዚህ ኮድ ሲመጣ የሚታየው አንድ ነገር ነው፦ የጠየቀው ማነው? እናንተ ራሳችሁ በስልካችሁ የከፈታችሁት መተግበሪያ ከሆነ እዚያው ጻፉት። በድምፅም ይሁን በጽሑፍ ሰው ከጠየቀ ግን ሌባ ነው፤ የባንክ ሠራተኛ ደውሎ የእናንተን ኮድ አይጠይቅም። የላኪው ስም የባንኩ ስለሆነ ብቻ አትመኑ፤ እሱም ይመሰላል። ሳትጠይቁ ኮድ ከገባላችሁ አንድ ሰው በቁጥራችሁ እየሞከረ ነው፤ ካልሰጣችሁት ጊዜው አልፎ ከንቱ ይቀራል። ሰጥታችሁት ከሆነ ደግሞ ማፈሩን ለነገ አቆዩትና አሁኑኑ ወደ ባንኩ የጥሪ ማዕከል ደውሉ፣ ሞባይል ባንኪንጉ ይታገድ። ደዋዩ በሰጣችሁ ቁጥር ሳይሆን ባንኩ ራሱ ባሳወቀው።

እና እባካችሁ ባንኮች፣ ያቺን አንዲት መስመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ መጻፍ ምን ያህል ያስወጣችኋል? ኧረ በቃኝ።