ቀለበቱ ለምን በራ?

ከኤምአርአይ ሪፖርት ውስጥ የሰውን እንቅልፍ የሚነሳው ቃል የቱ ነው ብባል «ኢንሃንስመንት» እላለሁ። የራዲዮሎጂ ሐኪም ስለሆንኩ ቃሉን በቀን ስንት ጊዜ እንደምጽፈው አልቆጥረውም። እኛ ስንጽፈው የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮንትራስት የሚባለው መድኃኒት በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ ይህ ቦታ ከበፊቱ ይልቅ ደምቆ ታየ። ወረቀቱ ቤት ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ታማሚው ወይም ወንድሙ ቃሉን ስልኩ ላይ ይፈልገዋል፣ ሦስት ገጽ ያነባል፣ ከዚያ ይደውላል። «ዶክ፣ በራ ማለት ካንሰር ነው አይደል?»

አይደለም። ደምቆ የሚታየው በሽታው ራሱ አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው። ደማቁ ቦታ የሚነግረን መድኃኒቱ እዚያ መድረሱንና እዚያ መቆየቱን ነው። ለምን ደረሰ፣ ለምን ቆየ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የኔ ሥራም ባብዛኛው እሱ ነው።

ለሲቲ ስካን የሚሰጠው ኮንትራስት ውስጡ አዮዲን አለው። አዮዲን ከባድ አቶም ስለሆነ የራጁን ጨረር ያስቀራል፤ ስለዚህ የተጠራቀመበት ቦታ ልክ እንደ አጥንት ነጣ ብሎ ይታያል። የኤምአርአዩ ግን ይለያል። እሱ ጋዶሊኒየም የሚባል ብረት ነው፤ ብቻውን መርዛማ በመሆኑ በሌላ ሞለኪውል ተጠቅልሎ ነው የሚሰጠው። መጠኑም ትንሽ ነው፤ በብዛት ከሚሠራባቸው ዓይነቶች 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 12 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። ኤምአርአይ ምስሉን የሚሠራው ሰውነታችን ውስጥ ካለው ውሃ ነው። ማሽኑ የውሃውን ሃይድሮጅን ይነቀንቀዋል፣ ከዚያ ወደ ቦታው ሲመለስ ያዳምጠዋል። ጋዶሊኒየም አጠገቡ ያለው ውሃ ቶሎ እንዲመለስ ያደርጋል፤ ቲ ዋን በሚባለው የምስል ዓይነት ላይ ቶሎ የተመለሰ ውሃ ደማቅ ነው። በሌላ አነጋገር ጋዶሊኒየሙን አናየውም፤ የምናየው ጎረቤቱን ነው።

አንድ ቦታ የሚደምቀው በሁለት ምክንያት ነው። ወይ ብዙ ደም ይደርሰዋል፣ ወይ የደም ሥሮቹ ያፈስሳሉ። ጉበትና ኩላሊት ላይ ሁለቱም በጤናም አሉ። አንጎል ላይ ግን ነገሩ ይለያል፤ የአንጎል ደም ሥሮች ግድግዳ ሴሎች እርስ በርሳቸው ጥብቅ ተደርገው የተሰፉ ናቸው። ፖል ኤርሊክ እ.ኤ.አ. በ1885 ቀለም እንስሳት ደም ውስጥ ሲጨምር ሌላው አካል ሁሉ ሲቀለም አንጎል ሳይቀለም እንደሚቀር አይቶ ነበር። ኤድዊን ጎልድማን ደግሞ በ1913 ቀለሙን አንጎልን በሚያጥበው ፈሳሽ ውስጥ ጨመረውና አንጎሉ ተቀለመ። አንጎል ቀለም የማይቀበል ሆኖ አልነበረም፤ ከደም ሥሩ በኩል በሩ ዝግ ስለነበር ነው።

ጋዶሊኒየምም ያንን በር አያልፍም። ጤነኛ አንጎል ኮንትራስት ተሰጥቶት እንኳ ያው ግራጫ ነው። የአፍንጫ ውስጠኛ ሽፋን ግን ሁልጊዜ ይደምቃል፤ አጥር የለውማ። እንዲያውም ምስል ስከፍት መጀመሪያ የማየው አፍንጫውን ነው። አፍንጫው ካልደመቀ መድኃኒቱ በትክክል አልደረሰም ማለት ነው፤ ያኔ «አንጎሉ ላይ የሚደምቅ ነገር የለም» ብሎ መጻፍ አይቻልም።

እንግዲህ አንጎል ውስጥ አንድ ቦታ ከደመቀ ባብዛኛው እዚያ አጥሩ ተከፍቷል። አጥሩን ካንሰር ይከፍተዋል። መግል የቋጠረ ኢንፌክሽን ይከፍተዋል። ቲቢም ይከፍተዋል፤ ስትሮክም ከቀናት በኋላ ይከፍተዋል። ለዚህ ነው «በራ» የሚለው ቃል ብቻውን የበሽታ ስም የማይሆነው።

ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው ቅርጽ ቀለበቱ ነው። ሪፖርቱ ላይ «ሪንግ ኢንሃንሲንግ ሊዥን» ተብሎ ይጻፋል፤ ዙሪያው ደማቅ፣ መሐሉ ጨለማ። ነገሩ ቀላል ነው። መድኃኒቱ የሚሄደው ደም የሚሄድበት ነው። ዙሪያው ሕያው ነው፣ ደም ሥር አለው፣ ያፈስሳል፤ መሐሉ ወይ ሞቷል ወይ ፈሳሽ ነው፣ ደም አይገባውም። ስለዚህ ቀለበት ስናይ የምናውቀው መሐሉ የሞተ፣ ጠርዙ የሚታገል ነገር እንዳለ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ መሐሉ ውስጥ ምን አለ የሚለው ነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የእናቴ ጎረቤት ልጅ፣ የ21 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ዶርም ውስጥ ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ሰውነቷን ሁሉ ያዛትና ወደቀች። ያለ ኮንትራስት የተነሳችው ሲቲ ደም እንዳልፈሰሰ አሳየ፤ በግራ በኩል ግን ጠቆር ያለ የውሃ እብጠት ነበር። እብጠት ያለ ምክንያት አይመጣም፤ ስለዚህ ኤምአርአይ በኮንትራስት ታዘዘ። ሁለት የተጣበቁ ቀለበቶች ታዩ፤ ትልቁ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ወንድሟ ሪፖርቱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ሦስት በሽታዎች በተርታ ተጽፈዋል፤ ካንሰር ሦስተኛው ነው። እሱ ያነበበው ግን ሦስተኛውን ብቻ ነበር።

ምስሉን አስልኬ አየሁት። መጀመሪያ ያረጋገጥኩት ከመርፌው በፊት ቦታው ደማቅ አለመሆኑን ነው። የቆየ ደምና ስብ ያለ ምንም መድኃኒት ቲ ዋን ላይ ደማቅ ናቸው፤ በፊትና በኋላ ካልተወዳደረ ሰው ይሳሳታል። እዚህ በፊት ጨለማ፣ በኋላ ደማቅ ነው። ኢንሃንስመንቱ እውነተኛ ነው።

ቀጥሎ መሐሉ። ዲፊውዥን የሚባል የምስል ዓይነት አለ፤ ውሃ በነፃነት ይንቀሳቀሳል ወይስ ተጨናንቋል የሚለውን ያሳያል። መግል ወፍራም ስለሆነ ውሃው ይታሰራል፤ ተራ የባክቴሪያ መግል መሐሉ እዚያ ምስል ላይ ቦግ ይላል። የሷ ቦግ አላለም። ቲ ቱ በሚባለው ላይ ደግሞ ፈሳሽ ነጭ መሆን ሲገባው የሷ መሐል ጥቁር ነበር። ፈሳሽ አይደለም ማለት ነው። ቲቢ የሚገድለው ሥጋ እንደ አይብ ደረቅ ብሎ ይረጋል፤ ቲ ቱ ላይም ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጠቁራል። የተጣበቁ ትናንሽ ቀለበቶች፣ መሐላቸው ጥቁር፤ ይህ ቲዩበርኩሎማን በጣም ያስጠረጥራል።

ያስጠረጥራል እንጂ አያረጋግጥም። ምስል ባክቴሪያ አያይም። ስለዚህ ወንድሟን ስለ ቀለበቱ ትቼ ስለ እሷ ጠየቅሁት። ሌሊት ያልባታል? አዎ። ከስታለች? ሁለት ወር ሆናት፤ ፈተና ነው ብለን ነው። የደረቷ ራጅ ላይ የቀኝ ሳንባዋ ላይኛው ክፍል ጥላ ነበረው፤ አክታዋ በጂን ኤክስፐርት ሲመረመር ቲቢ ተገኘ፤ ሪፋምፒሲንን የተላመደም አልነበረም። የኤችአይቪ ምርመራዋ ነጌቲቭ ነው። ጭንቅላቷ ሳይከፈት መድኃኒት ተጀመረ፤ አብሮም እብጠቱን የሚቀንስ ስቴሮይድና የሚጥለውን የሚከላከል መድኃኒት ተሰጣት።

ከሁለት ወር በኋላ ድጋሚ ኤምአርአይ ተነሳች። ቀለበቱ 20 ሚሊ ሜትር ሆኗል።

«ዶክ፣ አደገ እኮ ይላል። ካንሰሩን ነው እስካሁን ስናስታምም የከረምነው?» አለኝ ወንድሟ። አልፈረድኩበትም። ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው ሌላ ምን ይላል?

እኔ ግን መልሼ የጠየቅሁት ስለ እሷ ነው። ራስ ምታቷ ጠፍቷል፣ ዳግም አልወደቀችም፣ አራት ኪሎ ጨምራለች። ልጅቷ እየዳነች ነው፣ ምስሉ እየባሰ ነው። ይህ በቲቢ ሕክምና የታወቀ ነገር ነው። ባክቴሪያው ሲሞት ፍርስራሹ ይበተናል፤ ተዳክሞ የነበረው የሰውነት መከላከያም ነቅቶ ይነሳበታል። በዚያ ቦታ ቁጣው ሲበዛ ደም ሥሮቹ የባሰ ያፈስሳሉ፤ ቀለበቱ ይሰፋል፣ ይደምቃል። ደማቁ ነገር እዚህ ላይ የሚያሳየን የባክቴሪያውን ማሸነፍ ሳይሆን ውጊያውን ነው። እርግጥ ይህን ለማለት ሌሎቹን ማስወገድ ያስፈልጋል፤ መድኃኒቷን በትክክል ትወስዳለች ወይ፣ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዷል ወይ፣ ምርመራው መጀመሪያውኑ ልክ ነበር ወይ። የምታክማት ሐኪም ሦስቱንም አጣራችና የቲቢውን መድኃኒት ሳትቀይር ስቴሮይዱን አራዘመችላት። በስድስተኛው ወር 8 ሚሊ ሜትር ሆነ። አንድ ዓመት ሞልቶ ሕክምናው ሲያበቃ ደብዘዝ ያለች የ4 ሚሊ ሜትር ነጥብ ቀርታለች። ነጥቧ አሁንም ትደምቃለች፤ ጠባሳም አንዳንድ ጊዜ ለወራት ያፈስሳል።

ይሄ ሁሉ ወደ ሌላ ስህተት እንዳይወስደን አንድ ነገር ልጨምር። መድመቅ ካንሰር ማለት ካልሆነ፣ አለመድመቅም ሰላም ማለት አይደለም። ቀስ ብለው የሚያድጉ የአንጎል ዕጢዎች አሉ፤ አጥሩን ሳይሰብሩ በሴሎች መሐል ሾልከው ይስፋፋሉ፣ ኮንትራስት ቢሰጥም አይደምቁም። ስቴሮይድም የሚያፈስሱ ደም ሥሮችን ስለሚያጠብቅ ድምቀቱን ይቀንሳል። የአንጎል ሊምፎማ የሚባለው ካንሰር ስቴሮይድ ተሰጥቶት ለጊዜው ከምስሉ ሊጠፋ ይችላል፤ ጠፋ ማለት ግን ዳነ ማለት አይደለም። በተቃራኒው ለአንጎል ዕጢ ጨረር የታከመ ሰው፣ ዕጢው ባይመለስ እንኳ፣ ጨረሩ የጎዳው ሥጋ ከወራት በኋላ ልክ እንደ ዕጢ ሊደምቅ ይችላል።

ስለዚህ «ኢንሃንስመንት» የሚል ወረቀት እጃችሁ ከገባ ሐኪሙን «ካንሰር ነው?» ብላችሁ ከመጀመር ይልቅ እነዚህን ጠይቁት። ከመርፌው በፊት ቦታው ምን ይመስል ነበር? ሙሉውን ነው የደመቀው ወይስ ጠርዙን? ጠርዙን ከሆነ መሐሉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ስቴሮይድ እየወሰደ ነበር ወይ? የቀድሞ ምስል ካላችሁም ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ ቀለበት ብቻውን ከሚናገረው ይልቅ በሁለት ወር ልዩነት የተነሱ ሁለት ቀለበቶች ብዙ ይናገራሉ። ታማሚው በመሐሉ እንዴት እንደከረመ የሚያውቅ ሰው አብሮ ሲኖር ደግሞ የበለጠ።