ያልተመለሰው ጥያቄ የት ይጻፋል?

ጠመንጃ ያዥ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው፣ የኃላፊውና የሠራተኞች ስብሰባ የድምፅ ቅጂ ሲሰጠው ቀድሞ የሚያዳምጠው የኃላፊውን ንግግር አይደለም። ጥያቄዎቹን ነው።

በእኛ ስብሰባ መድረክ መሪው «አንድ ዙር እንሰብስብ» ይላል። አራት ሰው ተከታትሎ ይጠይቃል፤ አንዱ ብቻውን ሦስት ጥያቄ ያነሳል፣ ረጅሙን መግቢያ ሳንቆጥር። ከዚያ ኃላፊው ሁሉንም ጠቅልሎ ይመልሳል። ስለዚህ ጸሐፊው እያንዳንዱን ጥያቄ ከተጠየቀበት ደቂቃ ጋር ቁጥር ይሰጠውና መልሱን እየፈለገ ያዛምዳል። መልስ ያጣው ፊት ለፊት «አልተመለሰም» ይጻፋል።

በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ካወጡ በኋላ፣ ፕሬዚዳንቱ አቶ አቤ ሳኖ ለጋዜጠኞች የሰጡት መግለጫ ለዚህ ሥራ ጥሩ መለማመጃ ነው። ዋናዎቹ ማስታወቂያዎች ግልጽ ነበሩ፦ የሳይበር ጥቃት አልነበረም፣ የደንበኞች ሒሳብ አልተነካም፣ የወሰዱትን የሚመልሱም አይከሰሱም። ስንት ብር ወጣ ለሚለው ግን የተባለው ከባንኩ ሀብት አንጻር ትንሽ መሆኑ ነው። «ትንሽ» ግን መጠን አይደለም። በማጠቃለያው ላይ «ትንሽ ነው ተብሏል፤ መጠኑ አልተገለጸም» ተብሎ ይግባ። 801 ሚሊዮን ብር የሚለው ቁጥር የመጣው ከቀናት በኋላ ነው፤ ወደ መጀመሪያው መግለጫ መልሶ መክተት ያልተባለን ማስባል ይሆናል።

ቃለ ጉባኤ የምትይዙ ወዳጆች፣ «እናጠናዋለን» የተባለውንም እባካችሁ በማስታወቂያው ሳይሆን በመልሱ ዓምድ ጻፉት።