የተገዛ ፎሎወር ገጽን እንዴት እንደሚገድል

ወገኖቼ፣ ሰሞኑን "10 ሺህ ፎሎወር በርካሽ" የሚል መልእክት በውስጥ መስመር የደረሳችሁ የማኅበር ገጽ አስተዳዳሪዎች ብዙ ናችሁ። "እንግዛ ወይ?" ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ እዚሁ ልመልስ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ናይሮቢ ያለ አንድ የስደተኞች ገጽ ነበር፤ ስሙ ይቆየን። 2,600 ተከታይ ነበረው፣ ሁሉም የኛው ሰው። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ለጋሾች ፊት ትልቅ እንምሰል ብሎ 10,000 ገዛ። በሦስት ቀን 12,600 ሆኑ፣ ደስታም ሆነ። ከዚያ የመታወቂያ እድሳት ቀን መቀየሩን ለጠፉ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ድሮ 70 ኮመንት ያገኝ ነበር፣ ያን ቀን 9 አገኘ። በአሮጌው ቀን ሄደው ከበር የተመለሱ እናቶች "እኛ ጋ አልመጣም እኮ" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አልመጣላቸውም።

ለምን? ፌስቡክ የለጠፍነውን ሁሉ ለተከታዮቻችን ሁሉ አያሳይም። ማን ቆሞ ያነባል፣ ማን ኮመንት ይሰጣል የሚለውን እየገመተ ነው የሚያሳየው፤ ለግምቱም መጀመሪያ ያዩት ሰዎች ያደረጉትን ይመለከታል። ለስሌት ያህል፣ ፖስቱ መጀመሪያ 500 ተከታይ ፊት ቀረበ እንበል። ድሮ 500ውም እውነተኛ ናቸው፤ ከአሥር አንዱ ቢነካው 50 ይሆናል። አሁን ግን ከአምስት ተከታይ እውነተኛው አንድ ብቻ ስለሆነ ከ500ው ሰው የሚባሉት 100 ገደማ ናቸው፣ የሚነኩትም 10። ፖስቱ ያው፣ ሰዉ ያው፤ ማሽኑ ግን "ይህን የሚፈልገው የለም" ብሎ ይደመድማል። ላይክና ኮመንትም ቢገዛ ለውጥ የለውም፤ ቦት ለጎረቤቱ አያወራም፣ ሼር ቢያደርግም የሚያየው ሌላ ቦት ነው።

የተገዛ መሆኑን ማወቅ ከባድ አይደለም። Insights ከፍታችሁ Audience የሚለውን እዩ። ከተሞቹ አማርኛ ተናጋሪ በብዛት የማይኖርባቸው ከሆኑ አንድ ምልክት ነው። የተከታዮች እድገት መስመር ለወራት ተኝቶ ቆይቶ በአንድ ሌሊት እንደ ግድግዳ ከቆመ፣ ምንም የተስፋፋ ፖስትም ካልነበረ፣ ሁለተኛ ምልክት ነው። በቪዲዮ ደግሞ የዕይታ ብዛት አያታልላችሁ፣ በአማካይ ስንት ሰከንድ እንደታየ ተመልከቱ። 20 ሺህ ዕይታ ያለው የ10 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ በአማካይ 4 ሰከንድ ከታየ፣ አብዛኛው ዕይታ ቃለ መጠይቁን የተከታተለ ሰው አይደለም።

እዚህ ላይ ግን አደራ። ፈረንጆቹ የጻፉት መመሪያ ፎቶ የሌለው፣ ስሙ እውነተኛ የማይመስል፣ ፖስት የማያደርግ አካውንት ሁሉ ሐሰተኛ ነው ይላል። በዚህ መለኪያ ግማሻችን ሐሰተኛ ነን! ሪያድ ወይም ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን በአበባ ፎቶና በተውሶ ስም ትገባለች፣ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ታነባለች፣ ላይክ እንኳ ለማድረግ ትፈራለች። ካምፕ ውስጥ አንድ ስልክ ለሦስት የሚጠቀሙ አሉ። ስለዚህ በፎቶ አትፍረዱ። ልዩነቱ ያለው በግንኙነቱ ላይ ነው። የኛ ሰው የሚከተላቸው ገጾች እርስ በርስ ይገናኛሉ፦ መዝሙር ወይም መንዙማ፣ የሀገር ቤት ዜና፣ የሐዋላ ምንዛሪ። የተሸጠው አካውንት ግን ብራዚል ያለ የመኪና ጎማ ሻጭን፣ ቬትናም ያለ ፀጉር ቤትንና እናንተን በአንድ ቀን ይከተላል። ኮመንቱም "ናይስ" ወይም ልብ ብቻ ነው፤ ስለ መታወቂያ ብትጽፉም፣ ስለ ለቅሶ ብትጽፉም ያው ልብ።

ሌላው፣ ሐሰተኛ ተከታይ የተገኘበት ገጽ ሁሉ ገዝቷል ማለት አይደለም። የሚጠላችሁ ሰው ገዝቶ ሊልክባችሁ ይችላል። ቦቶች ራሳቸውን እውነተኛ ለማስመሰል ያልከፈላቸውን ገጽም ይከተላሉ። ስለዚህ አንድ ምልክት አይታችሁ የሌላ ማኅበር ስም አታጥፉ።

ያ ገጽ ምን ሆነ? ተከታዮቹን እየለዩ በእጅ ማስወጣት ጀመሩ፤ ሁለት ልጆች ማታ ማታ ለሳምንታት ሠሩበት፣ ዛሬም አላለቀም። ሻጩ በበኩሉ "ላጽዳላችሁ" ብሎ እንደገና ገንዘብና የገጹን አስተዳዳሪ ፓስዎርድ ጠየቀ። ፓስዎርዱን ቢሰጡት ኖሮ ገጹ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ በውስጥ መስመር የኬዝ ቁጥራቸውንና አድራሻቸውን የላኩ ሰዎች መልእክትም አብሮ ይሄድ ነበር።

ገጻችሁን የምትጠራጠሩ የ Audience ገጹንና የእድገት መስመሩን ስክሪንሾት አንስታችሁ ላኩልኝ፣ አብረን እናያለን። ፓስዎርድ ግን ለእኔም ቢሆን አትላኩ።